የደንበኛን ምስጋና እምነት ወደሚያሳድር ፖስት መቀየር፦ ለጅማ የሴቶች ፀጉር ቤቶች ዝርዝር መመሪያ

«በጣም ያምራል፣ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ስክሪንሾት ተነሥቶ ቀይ ልብ ተደርድሮበት ሲለጠፍ ብዙ ሰው ያየዋል። በእሱ ብቻ ተማምና ቀጠሮ የምትይዝ ሴት ግን ብርቅ ናት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንባቢዋ የምትጠይቀው «ያምራል ወይ?» ብላ አይደለም። እሱን ፎቶ ይመልስላታል። የምትጠይቀው «ያመኛል ወይ? ዳር ዳሩ ይነቀልብኛል ወይ? ስንት ሰዓት ታስቀምጡኛላችሁ? ወንድ ይገባል ወይ?» ብላ ነው። ስለዚህ ጥሩ የደንበኛ ቃል ከምስጋናው ይልቅ ምስጋናው ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ስጋት ይይዛል።

ጅማ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከደንበኞቻችሁ ብዙዎቹ ሂጃብ ለባሽ ናቸው፤ ፀጉራቸውን ለማያውቁት ሰው አያሳዩም። በፊትና በኋላ የተነሣ ፎቶ በማይኖርበት ቦታ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ካፕሽኑ ነው። ይህ መመሪያም ያንን ከባዱን ጉዳይ ይዞ ይሄዳል፦ ፎቶ ያልፈቀደች፣ ሹሩባ ተሠርታ የተደሰተች አንዲት ደንበኛ፣ ከመጀመሪያ መልእክቷ እስከ ተለጠፈው ጽሑፍ ድረስ። ምሳሌው ለማሳያ የተዘጋጀ ነው።

መጀመሪያ፦ መቼ ነው የሚጠየቀው?

ከወንበር ተነሥታ መስታወት እያየች የምትለው ምስጋና በአብዛኛው ጨዋነት ነው። የሹሩባ እውነተኛ ፍርድ የሚታወቀው ከመጀመሪያዋ ሌሊት በኋላ ነው፤ ጠብቆ ከሆነ ትራስ ላይ ጭንቅላቷን ማሳረፍ ያቅታታል። ሁለተኛው ፍርድ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል፤ ያን ጊዜ መስመሩ መቆየቱና የግንባሩ ዳር ምን እንደሆነ ይታያል። የተተኮሰ ፀጉር ከሆነ ሦስት አራት ቀን ይበቃል፤ ቀለም ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ጊዜ እስክትታጠብ ጠብቁ። በሠራችሁበት ቀን የሰበሰባችሁት ቃል «ያምራል» ከማለት ሌላ የሚለው ነገር አይኖረውም፤ ገና ያየችው ነገር የለምና።

የምሳሌያችን ደንበኛ በሦስተኛው ሳምንት በቴሌግራም እንዲህ ጻፈች እንበል፦

«አላህ ይስጥሽ ውዴ ሹሩባው ወላሂ በጣም ነው የተመቸኝ ሁሉም የት ተሠራሽ እያሉኝ ነው እናመሰግናለን»

ደስ ይላል፤ ግን እንዳለ ቢለጠፍ ለማታውቃት ሴት የሚነግራት ነገር የለም። «የተመቸኝ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ግን አንድ ነገር ተደብቋል። ምን ፈርታ ነበርና ነው ተመቸኝ የምትለው? እሱን ማውጣት የእናንተ ፈንታ ነው።

ሦስት ጥያቄ ይበቃል

መጠይቅ አትላኩ፤ ቅጽ መሙላት የሚወድ የለም። በዚያው ወሬ ላይ፣ በድምፅም ይሁን በጽሑፍ፣ እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቁ፦

«ውዴ ደስ ብሎኛል! እኛ ጋ ከመምጣትሽ በፊት ግን ምን አሳስቦሽ ነበር?»

ስትመልስ፦ «የዚያን ዕለት ማታስ እንዴት ሆነሽ? አሁንስ እንዴት ነው?»

በመጨረሻ፦ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ቅር ያለሽ ነገርስ?»

አንቱ የምትሏት እናት ከሆነች ያው ጥያቄ «እትዬ፣ ከመምጣትዎ በፊት ያሳሰበዎት ነገር ነበር?» ተብሎ ይቀርባል። «ውዴ» ለሁሉም አይሆንም። ቃሉን ከመለጠፋችሁ በፊት አክብሮቱ እዚህ ላይ ከጎደለ ፈቃዱንም አታገኙትም።

ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ፀጉር ቤቶች ይፈሩታል። አትፍሩት፤ ከሦስቱ በጣም ጠቃሚው እሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይታያል። ጥያቄዎቹ ውስጥ መልሱን አትጨምሩ። «አላመመሽም አይደል?» ብላችሁ ብትጠይቁ «አይ አላመመኝም» ትላለች፤ ያ ቃል የእናንተ እንጂ የእሷ አይደለም፤ የሚያነበውም ሰው ይነቃበታል።

ደንበኛችን የመለሰችው በድምፅ ነው፤ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ እንዲህ ይሆናል፦

«እ... እኔ እኮ ባለፈው ሌላ ቦታ ስሠራ ግንባሬ ላይ አጥብቀውብኝ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም፣ ትናንሽ ብጉር ነገርም ወጥቶብኝ ነበር፣ ስሙን አልጠራም፣ አንቺም ታውቂያቸዋለሽ፣ እና ፈርቼ ነው የመጣሁት ወላሂ። አንቺ ግን ዳር ዳሩን ላላ አድርጊልኝ ስልሽ አልተቆጣሽም። ያምሻል ወይ ያምሻል ወይ እያልሽ ጠየቅሽኝ። ማታ ተኛሁ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፣ ሂጃብ ከላዩ እያሰርኩም አልተበላሸም። ፀጉሬም እኮ በጣም አድጓል አራት ጣት ይሆናል። ቅር ያለኝ መጠበቄ ነው፣ ቅዳሜ ስለነበር ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ።»

አሁን እጃችሁ ላይ የሚሠራ ነገር አለ።

መቁረጥ ይቻላል፣ መጨመር አይቻልም

ደንቡ አንድ ነው፦ የእሷን ቃል ማሳጠር፣ የፊደል ግድፈት ማረም፣ በላቲን ፊደል የጻፈችውን አማርኛ ወደ ፊደላችን መመለስ ትችላላችሁ። ያላለችውን ማስገባት ግን አይፈቀድም፤ አንዲት ቅጽል እንኳ ብትሆን። «ፕሮፌሽናል አገልግሎት» የሚል ሐረግ ከአንዲት የጅማ ደንበኛ አፍ ወጣ ብሎ የሚያምን የለም። አሥር ደንበኞች ሁሉም በአንድ ዓይነት ሰዋስው ካመሰገኑ ደግሞ አሥሩንም የጻፈው አንድ ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

ከላይ ካለው መልእክት የሚወጡት እነዚህ ናቸው። ስለ ሌላው ፀጉር ቤት «አንቺም ታውቂያቸዋለሽ» የሚለው ይወጣል። ስም ባይጠራም ጅማ ላይ ሰው ይገምታል፣ ኮሜንቱ ስር «እነ እገሌ ናቸው» መባባል ይጀመራል፣ ፖስታችሁም የሰው ጠብ ይሆናል። «ባለፈው አጥብቀውብኝ» ማለቷ ስጋቷን ለማሳየት በቂ ነው። «ወላሂ»ንም አውጡት፤ በጨዋታ መካከል የወጣን መሐላ የንግድ ማስታወቂያ ላይ መለጠፍ ለእሷም ደስ ላይላት ይችላል።

የፀጉሩ ማደግ ነገር ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። የራስ ፀጉር በወር በአማካይ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ በሦስት ሳምንት አራት ጣት አያድግም። ያየችው ምን ሊሆን ይችላል? የተጠቀለለ ፀጉር በሹሩባ ሲወጠር ርዝመቱ ይገለጣል፤ በየቀኑ ማበጠሪያ ስለማይነካውም መሰበሩ ይቀንሳል። እሷ አልዋሸችም፤ ግን ስታትሙት «ሹሩባችን ፀጉር ያሳድጋል» የሚል የእናንተ ተስፋ ይሆናል። ሌላዋ በአራት ሳምንቷ ለክታ ስትመጣ ምን ትሏታላችሁ? ይህን መስመር አውጡት፤ ከወደዳችሁት ስለ መሰበር መቀነስ ራሳችሁ በሌላ ፖስት አስረዱ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ረቂቅ ስህተት አለ። «አልተበላሸም» ብላለች፤ ስታሳጥሩ «አይበላሽም» ብላችሁ አትለውጡት። የመጀመሪያው የአንዲት ሴት የሦስት ሳምንት ልምድ ነው፤ ሁለተኛው ለገዢ ሁሉ የተሰጠ ዋስትና ነው።

የሚቀረው ነገር ደግሞ ያስገርም ይሆናል፦ ስለ መጠበቋ ያለችው ቅሬታ ይቆያል። አንባቢዋ አንድ ጉድለት የተነገረበትን ምስጋና ከሁሉም ነገር ፍጹም ከሆነው ምስጋና ይልቅ ታምነዋለች። ደግሞ ለእናንተ በር ይከፍትላችኋል፤ «ቅዳሜ ወረፋ አለ፣ ሰኞ ኑ» የሚለውን መረጃ ከዚህ የተሻለ የምትሰጡበት ቦታ የለም። ይህ የሚሠራው ግን ለመጠበቅ፣ ለቦታ ጥበት፣ ለመሳሰለው ቀላል ነገር ነው። ቅሬታዋ «ቆዳዬን አቃጠለኝ» ከሆነ ፖስቱን እርሱት፤ መጀመሪያ እሷን አስተናግዱ።

ፈቃድ፦ የተዘጋጀውን አሳይታችሁ

«ልለጥፈው?» ብሎ ጠይቆ «እሺ» ማስባል ፈቃድ አይባልም፤ ምን እንደሚለጠፍ አላየችምና። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 መሠረት የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየት አይቻልም። ቃሉም ቢሆን ቢያንስ በዚያው ጥንቃቄ መያዝ አለበት። ጽሑፉን አዘጋጅታችሁ እንዲህ ላኩላት፦

«ውዴ፣ ያልሽውን እንዲህ አሳጥሬዋለሁ፤ አንብቢው። የማትፈልጊው ቃል ካለ አወጣዋለሁ። የሚወጣው ቴሌግራም ቻናላችንና ኢንስታግራም ላይ ብቻ ነው። ስምሽም ፎቶሽም የለበትም። ይሁን ትያለሽ? በኋላ ሐሳብሽን ብትቀይሪ ንገሪኝ፣ አጠፋዋለሁ።»

መልሷን ከእነቀኑ አስቀምጡት፤ ከወር በኋላ ባሏ ወይም እናቷ ቢጠይቁ ለእሷም ለእናንተም መልስ ይሆናል።

ስም ስለሌለ ብቻ ማንነቷ ተሰወረ ማለት አይደለም። «ከቆጪ፣ ባንክ የምትሠራ፣ ባለፈው ወር የተሞሸረች» ብትሉ ግማሹ ሰፈር ማን እንደሆነች ያውቃል። ከሰፈር፣ ከሥራ፣ ከቤተሰብ ሁኔታ ቢበዛ አንዱን ብቻ ተጠቀሙ፤ እሱንም ጠይቃችሁ። ለፖስቱ ከማንነቷ ይልቅ የሚጠቅመው የተሠራችው ነገርና ጊዜው ነው።

ቅናሽ ሰጥታችሁ ወይም በነፃ ሠርታችሁላት ከሆነ ያንን ጻፉት፤ «ለዚህ አስተያየት ቅናሽ ተሰጥቷታል» የምትል አጭር መስመር ትበቃለች። ሳይጻፍ ቀርቶ በኋላ በወሬ ከተሰማ የቀድሞዎቹም ምስክሮች አብረው ይወድቃሉ።

ምስሉ ምን ይሁን?

ፎቶ የምትፈቅድ ከሆነች ከኋላ፣ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን አንሡ፤ ማሳመሪያ ፊልተር አትጠቀሙ። ከመለጠፋችሁ በፊት ግን ምስሉን አስፍታችሁ መስታወቱን ተመልከቱ። ፀጉር ቤት በመስታወት የተሞላ ነው፤ ካስክ ውስጥ የተቀመጠችና ሂጃቧን ያወለቀች ሌላ ደንበኛ ጥግ ላይ ከታየች ሁለት ሰው በአንድ ቀን ታጣላችሁ። ይህ ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ነው፤ በይቅርታም አይመለስም።

ፎቶ ካልተፈቀደ፣ እንደ ምሳሌያችን፣ ከሁለት አንዱን አድርጉ። የመጀመሪያው የጽሑፉን የመጀመሪያ መስመር ብቻ በአንድ ቀለም መደብ ላይ በትልቅ ፊደል መጻፍ ነው፤ አበባ፣ ክፈፍና ሦስት ዓይነት ፊደል አያስፈልግም። ሁለተኛው በመለማመጃ አሻንጉሊት ጭንቅላት ላይ ዳር ዳሩን እንዴት አላልታችሁ እንደምትጀምሩ ማሳየት ነው። በዚህ ጊዜ «ፎቶው የአሠራራችን ማሳያ ነው፣ የደንበኛችን ፀጉር አይደለም» ብላችሁ ጻፉ። ከኢንተርኔት የወረደ የሌላ አገር ሴት ፎቶ ከእውነተኛ ቃል ጋር ማጣመር ቃሉንም ሐሰት ያስመስለዋል።

ካፕሽኑን መገጣጠም

ኢንስታግራም ላይ ሰው «more» የሚለውን ሳይነካ የሚታየው ወደ 125 ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር የእሷ ስጋት ይሁን። «ሰላም ውድ ደንበኞቻችን እንዴት ናችሁ» ብሎ የጀመረ ጽሑፍ ያንን ቦታ በሰላምታ ጨርሶታል። ቴሌግራም ላይ ከምስል ጋር የሚሄድ ጽሑፍ 1,024 ፊደል ድረስ ይፈቀድለታል፤ የሚከተለው በሁለቱም ይገባል፦

«ባለፈው ግንባሬ ላይ አጥብቀውብኝ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ፈርቼ ነው የመጣሁት።

ዳር ዳሩን ላላ አድርጊልኝ ስልሽ አልተቆጣሽም። ያምሻል ወይ እያልሽ ጠየቅሽኝ። ማታ ተኛሁ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ሂጃብ ከላዩ እያሰርኩም አልተበላሸም። ቅር ያለኝ መጠበቄ ነው፤ ቅዳሜ ስለነበር ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ።»

ደንበኛችን፣ ቀጭን ሹሩባ ያለ ማስረዘሚያ፣ ጥር ላይ የተሠራች። በፈቃዷ ያለ ስም የወጣ።

ከእኛ፦ እየተሠራሽ ካመመሽ ወዲያው ንገሪን፤ ፈትተን አላልተን እንሠራዋለን። ዳር ዳሩ የሳሳ ወይም የቆሰለ ከሆነ ሹሩባ አንሠራም፤ መጀመሪያ ይረፍ እንላለን። ቅዳሜ ወረፋ ይበዛል፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ብትመጪ ብዙ አትጠብቂም።

ከ___ ብር ጀምሮ። ሄርማታ፣ ___ አጠገብ። ለቀጠሮ በ___ ጻፊልን።

አሁን ለምን እንዲህ እንደተሠራ እንይ። የእሷ ቃል በጥቅስ ምልክት ውስጥ፣ የእናንተ ደግሞ «ከእኛ» በሚል ተለይቷል፤ አንባቢዋ ማን ምን እንዳለ አትደናገርም። የአገልግሎቱ ዓይነት «ያለ ማስረዘሚያ» እስከሚል ድረስ ተጠቅሷል፤ ሰው ሠራሽ ፀጉር የተጨመረበት ሹሩባ ክብደቱ ስለሚጨምር አያያዙ ሌላ ነው፤ ያንን ልትሠራ የምትመጣ ሴት የዚህችን ልምድ ለራሷ መውሰድ የለባትም።

ወሩም ያለ ምክንያት አልገባም። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ አየሩም እርጥብ ነው። ለሹሩባ ብዙ ላይከፋ ይችላል፤ ለተተኮሰ ፀጉር ግን ልዩነቱ ከባድ ነው። ፀጉር ሲተኮስ ቀጥ የሚለው ለጊዜው ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ወደ ጥቅሉ ይመለሳል። ጥር ላይ «አሥር ቀን ቆየልኝ» ያለችው ደንበኛ ቃል ሐምሌ ላይ ያለ ወር ቢለጠፍ፣ የሐምሌዋ ደንበኛ በሦስተኛው ቀን ተከፍታ ትመጣለች።

«ሹሩባ አንሠራም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ገበያ የሚያባርር ይመስላል። ግን የእሷ ስጋት እውነተኛ መሠረት አለው፦ ሹሩባ ሲጠብቅ ሥሩን ይጎትታል፤ ሕመምና በሥሩ ዙሪያ የሚወጣ ብጉር የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው፤ እየተደጋገመ ሲሄድ የግንባርና የጆሮ ግንድ አካባቢ ፀጉር ይሳሳል፤ ብዙ ከቆየ ላይመለስም ይችላል። ይህን እንደምታውቁ የሚያሳየው «ልምድ ያላት ባለሙያ» የሚለው ሳይሆን እምቢ የምትሉበትን ቦታ መናገራችሁ ነው። ታዲያ በሥራ ላይ የማታደርጉትን አትጻፉ። ፈትታችሁ የማትሠሩ ከሆነ ያ መስመር ይውጣ።

ዋጋውን «በውስጥ መስመር» አትበሉ። መነሻው በግልጽ ሲጻፍ የምትፈራው አንድ ነገር ይቀንስላታል። ቀጠሮ መያዣውም አንድ መንገድ ብቻ ይሁን፤ ሦስት ስልክና አራት ሊንክ ሲደረደር የትኛው እንደሚመልስ አይታወቅም።

ደንበኛዋ የተናገረችው በአፋን ኦሮሞ ከሆነ የራሷ ቃል በቁቤ መጀመሪያ ይቅደም፣ አማርኛው ከታች ይከተል። ትርጉሙን እሷው ታንብበው። በሁለት ቋንቋ ሲሆን 1,024 ፊደሉ ስለሚጠብ ከ«ከእኛ» በታች ያለውን አሳጥሩ እንጂ የእሷን ቃል አትንኩ።

ከተለጠፈ በኋላ

«ራሳችሁ ጽፋችሁት ነው» የሚል ኮሜንት ይመጣል። እሷን ለምስክርነት አትጥሩ፤ ማንነቷንም አታውጡ። «ደንበኛችን ስሟ እንዳይወጣ ስለፈለገች ነው፤ መጥተሽ አሠራራችንን እዪ» ብላችሁ አንዴ መልሱና ተዉት። «እኔን ግን አሳምማችሁኛል» የሚል ከመጣ አታጥፉት። «እህቴ፣ ይቅርታ፤ መቼ እንደተሠራሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ነይና እናየዋለን» በሉ፤ ያንን ልውውጥ የሚያነቡት ከጻፈችው ሰው ይበልጣሉ።

ደንበኛዋ «አጥፉልኝ» ካለች ምክንያት አትጠይቁ። ከቻናሉ፣ ከኢንስታግራም፣ ከስቶሪ ማስቀመጫውም አጥፉ። ቴሌግራም ላይ ግን አንድ ጣጣ አለ፦ ሰው ወደ ሌላ ግሩፕ ፎርዋርድ ያደረገው ቅጂ የእናንተ ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም። ለዚህ አስቀድሞ በቻናሉ ማስተካከያ ውስጥ «Restrict saving content» የሚለውን ማብራት ይቻላል፤ ፎርዋርድ ማድረግንና ማስቀመጥን ይከለክላል። በምላሹ የእናንተን ፖስት ለጓደኛዋ መላክ የምትፈልግም ሴት አትችልም። የደንበኞች ቃል የሚበዛበት ቻናል ከሆነ ማብራቱ ይሻላል፤ ስክሪኑን በሌላ ስልክ ካሜራ ከማንሣት ግን የሚያግድ ነገር የለም።

ፖስቱ መሥራቱን በላይክ አትለኩት። አዲስ ደንበኛ ስትደውል «ምን አይተሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና የምትለውን ደብተር ላይ ጻፉ። «ያቺ ያላመማት ልጅ» ካለች ለሚቀጥለው ፖስት ከሕመም ጋር የተያያዘ ሌላ ቃል ፈልጉ፤ «ዋጋውን አይቼ» ካለች ደግሞ ዋጋውን ወደ ላይ አንሡት። ሁሉም «ሰኞ ትሠራላችሁ ወይ?» እያሉ ከደወሉ የሠራው የመጠበቋ ቅሬታ ነው፤ ሰኞ ሁለተኛ ሠሪ ይኑራችሁ።